«እሁድ እኩለ ሌሊት» የቅዳሜው ነው የእሁዱ?

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ሰላም እትዬ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ትንሽ የልብስ ስፌት ሥራ አለን። ለንደን ላለ አንድ ድርጅት የድጋፍ ማመልከቻ ስናዘጋጅ ወር ሙሉ ለፍተናል። ማስታወቂያው «እስከ እሁድ፣ ሜይ 17፣ እኩለ ሌሊት» ይላል። እሷ «የእሁድ ሌሊት እኮ ቅዳሜ ማታ ነው፤ ቅዳሜ እንላከው» ስትለኝ ሳቅሁባት። «እንግሊዞቹ እንደ ጁምዓ ሌሊት የሚቆጥሩ መሰለሽ?» አልኳት። እሁድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ገጹን ስንከፍት ተዘግቷል። እዚያው ላይ ተነስታ ወጣች። ይሄው ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ስልኬንም አታነሳም። ሥራው ግን አልቆመም። አንድ የኒውዮርክ ገዢ የናሙና ፎቶና ዋጋ «አርብ ሜይ 29፣ COB» ድረስ ላኩ ብሎናል። አዲስ አበባ ያለው ወኪሉ ደግሞ ስለዚሁ ጉዳይ ሲጽፍልኝ «አርብ EOD» ይላል። ጥፋቱ የማናችን ነው? ድርጅቱን ብለምን ያዋጣል? አርቡስ መቼ ነው የሚያልቀው? እንደ እሁዱ እንዳይሆንብኝ ፈርቻለሁ።

መልስ

አብሽሪ እህቴ። የወር ልፋት በአንድ ሌሊት ሲሄድ እንዴት እንደሚያንገበግብ አውቀዋለሁ። እኔም አንድ ጊዜ ቀልጬበታለሁ፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የጥፋቱን ነገር እንጨርሰው። «እሁድ እኩለ ሌሊት» የሚል ሰው፣ እንግሊዝም ይሁን ሌላ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ውሎ አምሽቶ የሚመጣውን ሌሊት ማለቱ ነው። በዚህ አንቺ ልክ ነሽ። ኮምፒውተር ግን እንደ ሰው አያወራም። ለኮምፒውተሩ አዲስ ቀን የሚጀምረው `00:00` ሲል ነው። የዚያን ድርጅት ገጽ ያዘጋጀው ሰው ከካሌንደሩ ላይ 17ን መርጦ፣ ሰዓቱ ላይ `00:00` ብሎ ከሞላ፣ ገጹ የሚዘጋው 17 ሲጀምር ነው። ሲያልቅ አይደለም። እንዲህ ከሆነ እሁድ ገና ሀ ብሎ ሳይጀምር በሩ ተዘጋ ማለት ነው። በዚህ ደግሞ የአክስትሽ ልጅ ልክ ናት።

የሆነው ይሄ ይመስለኛል። ለምን መሰለሽ? እናንተ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስትከፍቱ ለንደን ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር። በዚህ ወቅት በሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። ማብቂያው የእሁድ መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ገና አምስት ሰዓት በቀራችሁ ነበር። ስለዚህ የተዘጋው እሁድ ሲጀምር ነው፤ በእኛ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ። እናንተ ስትደርሱ 19 ሰዓት አልፎታል። መብራት ጠፍቶብን፣ ኔትወርክ ተቆራርጦብን ነው እያልሽ ራስሽን የምትወቅሺ ከሆነ እሱን ተዪው። እሁድ ጠዋት ብትልኩትም ያው ነበር።

አሁን የአክስትሽ ልጅ አቆጣጠር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሳቅሽበት ነገር ሞኝነት አይደለምና። እኛ ወሎ ውስጥ ሌሊቱን ለሚነጋው ቀን መስጠት የኖርንበት ነው። ሐሙስ ፀሐይ ከጠለቀች ወዲያ ያለውን ሌሊት እነ አክስትሽ ቤት የጁምዓ ሌሊት ይሉታል። እናትሽ ቤት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሚያድር ሰው «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ» ነው የሚለው። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ማታውን ከነገው ጋር ነው የሚቆጥሩት። በከተማው ወሬ ግን «እሁድ ማታ እንገናኝ» ስትባዪ እሁድ ከዋለ በኋላ ነው የምትሄጂው። ሁለቱ አቆጣጠር በአንድ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው አፍ ይኖራሉ። የአክስትሽ ልጅ አንደኛውን ያዘች፣ አንቺ ሌላውን።

እንግዲህ ሰዎቹ የተቸገሩበትን ነገር የእኛ አማርኛ አንድ ቃል አበጅቶለታል። አጥቢያ። «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ» ስትይ ሁለቱን ቀኖች በአንድ አፍ ጠራሽ፤ ማንም ሊሳሳት አይችልም። «የእሁድ ሌሊት» ስትይ ግን ግማሹ ሰው ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የማብቂያ ሰዓት በቴሌግራም ስታስተላልፊ «እሁድ ሌሊት 6 ሰዓት» ብለሽ አትጻፊ። ወይ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ»፣ ወይ «እሁድ ለሰኞ አጥቢያ» በይ። የትኛው እንደሆነ ካላወቅሽ መጻፍ ያቅትሻል፤ ያኔ ገና ያልጠየቅሽው ነገር እንዳለ ይገባሻል።

የእኔን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ ቅጽ ማብቂያው «12:00» ይል ነበር። ከጎኑ እኩለ ሌሊት የሚል ቃል ነበረው፤ እኔ ግን 12 የሚለውን ቁጥር ሳይ ሌሊት 12፣ ማለትም ሊነጋጋ ሲል፣ ብዬ ተዘናጋሁ። ቡና እያፈላሁ ሳመሽ ቆየሁ። 11 ሰዓት ላይ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ «ገና አንድ ሰዓት አለኝ» ብዬ ስከፍተው ከተዘጋ አምስት ሰዓት ሆኖታል። የእነሱ 12 የእኛ 6 መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን እንቅልፍ የተጫነው ሰው የሚያስበው በእናቱ ሰዓት ነው። አሁን የእነሱን ቁጥር ሳይ ዝም ብዬ አልቀይርም። ወረቀት ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ።

እሁድ ላይ የደረሰባችሁን አስቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር ወይ? አንዳንድ ጊዜ ይቻላል። እንዲህ ያሉ ገጾች ብዙዎቹ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አላቸው፤ «ይህን ያህል ሰዓት ቀርቷል» የሚል። ቃሉን ትተሽ ያንን ጠይቂው። ለምሳሌ አርብ ልክ 6 ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ብትከፍቺውና 38 ሰዓት ቀርቷል ቢልሽ፣ ቆጥረሽ የምትደርሺው ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። 62 ሰዓት ቢልሽ ግን እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ነው። ልዩነቱ ሙሉ 24 ሰዓት ስለሆነ የመቁጠር ስህተት አይሸፍነውም። የሚቆጥር ሰዓት ከሌለው በኢሜይል አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «17 ሲጀምር ነው ሲያልቅ? በየትኛው አገር ሰዓት?» ጠንቃቃ ድርጅቶች እኩለ ሌሊት የሚለውን ቃል ራሱን ይሸሹታል። `23:59` ብለው ይጽፋሉ፤ 23:59 የየትኛው ቀን እንደሆነ ማንም አይከራከርም። ከጎኑ የአገሩን ሰዓት ካስቀመጡ ደግሞ ተገላገልሽ። `UTC+3` የሚል ካየሽ የእኛው ሰዓት ነው። `AoE` የሚል ካየሽ ደስ ይበልሽ፤ ቀኑ በዓለም ላይ በመጨረሻ እስከሚያልቅበት ቦታ ድረስ ይጠብቁሻል ማለት ነው። እሁድ 23:59 በዚያ አቆጣጠር እዚህ ደሴ ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

የቀኑም ነገር አለ። ሜይ 17 ዘንድሮ ግንቦት 9 ነው። እሱን አልተሳሳታችሁም። ግን ለድርጅቱ ስትጽፉ በቁጥር ብቻ «9/9/2018» ብላችሁ እንዳትልኩ። ለእኛ ግንቦት 9 ነው። ለእነሱ ግን ሴፕቴምበር 9 ነው፣ ያውም ከብዙ ዓመት በፊት። እነሱም «17/5» ብቻ ብለው ቢጽፉልሽ በእኛ ወር ቆጠራ ጥር 17 ይመስላል። የወሩን ስም በፊደል ጻፊ፣ ዓመቱንም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሪበት። በተረፈ ሌሊቱን በተመለከተ አንድ ነገር ያዢ፤ የስልክሽ ካሌንደር ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ግንቦት 9ን ወደ 10 ይቀይረዋል። ያንቺ አፍ ግን እስኪነጋ ድረስ «ግንቦት 9 ሌሊት» ሊል ይችላል። ከሰው ጋር ስትነጋገሪ ይሄም ያጣላል።

አሁን ድርጅቱን እንጻፍለት ወይ ላልሽው፤ ጻፊ። ያውም ዛሬ፣ ነገ አትበዪ። ልመና ግን አታድርጊው። የኃዘን ታሪክ፣ የመብራቱን፣ የኔትወርኩን ነገር አትዘርዝሪ። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጪው። ከዚያ በጨዋ ቃል፣ «እኛ የእሁድ መጨረሻ ብለን ተረዳነው፤ ገጹ ግን ሲጀምር ተዘጋ» በዪ። እሁድ ምን ሰዓት ላይ እንደከፈታችሁ በእነሱ ሰዓት አስቀምጪ፣ ምሽት 7 ሰዓት፣ `19:00` ብለሽ። ተዘግቷል የሚለውን ስክሪንሹት ካነሳሽ አያይዥ። ማመልከቻውንም ሙሉውን አብረሽ ላኪው፤ ቢፈቅዱልሽ እንደገና ልኪልን እስኪሉሽ ቀን እንዳያልፍ። ፋይሉን ግን ከአሁን በኋላ እንዳትነኪው። ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠበት ቀን እሁድ መሆኑ ማስረጃሽ ነው። አንድ ነጠላ ሰረዝ ላስተካክል ብለሽ ዛሬ ብታስቀምጪው ቀኑ ማክሰኞ ይሆናል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ትቀበሉናላችሁ ወይ? ካልሆነ የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው?

ይቀበሉሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ቅዳሜ የላኩ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱም ፍትሕ አለ የሚሉ ይኖራሉ። ግን የራሳቸው ቃል ሁለት ትርጉም እንደነበረው ካዩ የሚያዳምጡ ሰዎች አሉ። እንደኔ ደብዳቤው ያዋጣል፤ ከአስር ዓረፍተ ነገር ካልበለጠ።

ወደ አርቡ እንምጣ። COB ማለት ቢሮ ሲዘጋ ማለት ነው። ጥያቄው የማን ቢሮ የሚለው ነው። በተለምዶ የሚቀበለው ሰው ቢሮ ነው። ገዢሽ ኒውዮርክ ከሆነና እዚያ ከሰዓት በኋላ 5 ላይ ይዘጋሉ ብንል፣ በዚህ ወቅት ለእኛ አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። በዚህ ወቅት ያልኩሽ ያለ ነገር አይደለም። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወዲያ ወዲህ ይገፋሉ፣ እኛ አንነካም። ያው ገዢ በታኅሣሥ COB ቢልሽ ሌሊት 7 ሰዓት ይሆናል።

ወኪሉ ግን አዲስ አበባ ነው። እሱ እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ከሆነ አርብ 11:30 ላይ ቆልፎ ይወጣል። አርብ ደግሞ የምሳው ሰዓት ረጅም ነው፤ 5:30 ወጥተው 7:30 ይመለሳሉ። ኢሜይል ከሆነ ግድ የለሽም። በእጅ የሚገባ ወረቀት ካለ ግን አርብ 6 ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ደርሰሽ በር ላይ ጁምዓ የሄደ ሰው ጫማ እየቆጠርሽ እንዳትቀመጪ። 11:30 ይዘጋል ማለትም 11:25 ማኅተም ይመታል ማለት አይደለም። ልጅቷ 11 ሰዓት ላይ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነው የምታይሽ። የግል ድርጅትና ባንክ ደግሞ የራሳቸው ሰዓት አላቸው።

EOD የሚለው ከሁሉም የላላ ነው። በአማርኛ «የቀኑ መጨረሻ» ብለሽ ብትተረጉሚው ይባስ ብሎ ይጠፋብሻል። ቀን ማለት ለእኛ ብርሃን ያለበት ነው፤ ጦሳ ላይ ፀሐይዋ ስትገባ፣ 12 ሰዓት ላይ፣ ቀኑ አለቀ። ዕለት ብንል ኖሮ ሌሊቱን ይጨምርልን ነበር። ወኪሉ ግን ከሁለቱ አንዱንም ላያስብ ይችላል። ቢሮ ሲዘጋ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ሌሊት 6 ሰዓት ሳይሞላ ማለቱም ሊሆን ይችላል። የኒውዮርኩን ዕለት መጨረሻ ከሆነ የሚያስበው ደግሞ ለእኛ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። እንግዲህ አስቢው፤ አንዲት አርብ ከ11:30 ተነስታ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ 13 ሰዓት ተኩል ተለጠጠች። በካሌንደር ደግሞ ግንቦት 21 ነው ሲሉሽ ግንቦት 22 ሊሆን ይችላል።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የምጠይቀው «ማብቂያው ስንት ሰዓት ነው» ብዬ አይደለም፤ እንዲያ ስትዪው ያንኑ EOD ይመልስልሻል። «መቼ ቁጭ ብለው ያዩታል?» ብዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነው የማየው ካለሽ የአርብ ሌሊቱ ያንቺ ነው። አርብ ከምሳ መልስ ለገዢው አስተላልፋለሁ ካለሽ፣ እንግዲያው እውነተኛው ማብቂያ ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር፤ EOD የሚለው ለጨዋታ ነው የተጻፈው። ለወኪሉ እንዲህ ብለሽ ብትጽፊለት ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ፎቶውንና ዋጋውን አርብ ግንቦት 21 ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ለመላክ አስበናል። ለገዢው የሚያስተላልፉት መቼ ነው? የመጨረሻው ሰዓት አርብ 11:30 ነው ወይስ አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት?»

ሁለት ምርጫ ስትሰጪው አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። መልሱን አትሰርዢ። መልስ ካልመጣ በቀደመው ሰዓት ሥሪ፤ 11:30 ነው ብለሽ ያዢ። ያ ሳምንት ደግሞ አረፋ የሚውልበት ስለሆነ፣ የሥራ ቀን ይጎድልብሻል። ፎቶውን ከዚያ በፊት አንሺው።

ቀረ የአክስትሽ ልጅ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለራስሽ መልሺው። የሄደችው ማመልከቻው ስላመለጠ ይመስልሻል? ወይስ ጁምዓ ሌሊት ብለሽ ስለሳቅሽ? አንቺ ከጻፍሽልኝ ውስጥ እኔን የቆጠቆጠኝ ሁለተኛው ነው። ገንዘብ ያመለጠው ሰው ይናደዳል፣ ያማርራል። ዝም የሚለው የተናቀ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ልክ እንደነበረች ስታውቅ ዝምታው ይከብዳል። «ይቅርታ፣ ማስታወቂያው ግልጽ አልነበረም» ብለሽ ብትሄጂ፣ እውነት ቢሆንም፣ ጥፋቱን ወደ ለንደን ላክሽው ማለት ነው። ለንደንን ተዪው። «እንዳልሽው ነበር። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ነው የተዘጋው። መሳቄም ልክ አልነበረም» በያት። ስልክ ካላነሳች በአክስትሽ በኩል አትላኪ፤ ራስሽ ሂጂ። ዕቁብ የምትሰበሰቡበት ቀን ወይም ሰው የበዛበት ሰዓት አይሁን። ቡናው ላይ አቦሉን ሳትጨርሱ ስለ አርቡ አታንሺባት።

ለድርጅቱ የምትጽፊውንም ደብዳቤ ከመላክሽ በፊት አሳያት። ሁለታችሁም ናችሁ የለፋችሁት፣ ስሟ ከታች መኖር አለበት። ደግሞ ቀን መቁጠር ላይ ካንቺ እሷ እንደምትሻል አይተናል፤ የአርቡን ሰዓት ለወኪሉ የምትጽፈው እሷ ትሁን።